የጉንፋን ሕመም ፈቃድ ማመልከቻ፦ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ቀኑ ሳይጋጭ እንዴት ይጻፋል?

በሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በእጄ ካለፉት የሕመም ፈቃድ ማመልከቻዎች ውስጥ በአጻጻፍ ድክመት የተመለሰ አንድም አላስታውስም። አማርኛው የተንጋደደውም፣ በእርሳስ የተጻፈውም ያልፋል። የሚመለሰው ቀኑ የማይገጥም ማመልከቻ ነው። ሠራተኛው ሰኞ ቀርቷል፣ ሐኪሙ የጻፈው ከማክሰኞ ጀምሮ ነው፣ ደብዳቤው ላይ «ለአንድ ሳምንት ያህል» ይላል። ደመወዝ ሠሪው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያያቸው የቱን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል፤ ግራ ሲገባው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይቆርጣል።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው በቀኖቹ ዙሪያ ነው። የምናገረው በኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ስለሚሠራና በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለእሱ አይውሰድ፤ የደብዳቤው አጻጻፍ ግን ብዙም አይለይም።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የመጋዘን ንብረት መዝጋቢ አለ እንበል፤ ድርጅቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ብርድ ብርድ አለው፣ ሌሊቱን ትኩሳቱ ወጣ፣ ሰኞ ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቃተው። ወሩን ኅዳር ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሰው የጨረሰው በኅዳር ነው፤ ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬም ብርዱ ሲገባ ቢሮው ሁሉ የሚያስለው በዚያው ሰሞን ነው።

አንደኛ፦ በቀሩበት ቀን ጠዋት ያሳውቁ

አዋጁ በአንቀጽ 85 እንደሚለው፣ በሕመም ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ይህ ግዴታ የሚቀረው አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ ወይም ሠራተኛው ለማሳወቅ የማይችል ከሆነ ብቻ ነው። የእኛ መዝጋቢ ሰኞ ከቀረ ሕጉ እስከ ማክሰኞ ጊዜ ይሰጠዋል ማለት ነው። እኔ ግን እስከ ማክሰኞ አይጠብቅ እላለሁ። መጋዘኑ ሰኞ ጠዋት ዕቃ የሚያስወጣ ሰው ይፈልጋል፤ አለቃው ተተኪ እንዲፈልግ ጊዜ ያገኘ እንደሆነ በኋላ ደብዳቤውን ሲመራ ፊቱ ይፈታል።

ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የስልክ ንግግር ከአንድ ወር በኋላ ማስረጃ አይሆንም። «ደውዬ ነግሬያቸው ነበር» የሚል ሠራተኛና «አላስታውስም» የሚል አለቃ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይቻለሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከደወሉ በኋላ የተነጋገሩትን በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም ይድገሙት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

> ጤና ይስጥልኝ አቶ ______። አሁን በስልክ እንደነገርኩዎት ከትናንት ማታ ጀምሮ ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ስላለብኝ ዛሬ ሰኞ ኅዳር 15 ሥራ መግባት አልቻልኩም። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ውጤቱን ወዲያው አሳውቅዎታለሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ ከረዳቴ ጋር ነው።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል ወይም ያልተወራረደ ገንዘብ እጅዎ ላይ ካለ አለቃዎ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለዚያ ነው። መልእክቱን አያጥፉት። ስልክዎ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት በኋላ ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛ፦ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚቀበሉትን ወረቀት እዚያው ቆመው ያንብቡ

ጉንፋን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ዝንጅብል በማር ጠጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል፤ ቀላል ጉንፋን ለሆነበት ሰው ነውር የለውም። ችግሩ ሕጉ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ላቀረበ ሰው መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያም፣ ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክም ይሆናል። መድኃኒት ቤት የሰጠዎት ደረሰኝ ግን መድኃኒት መግዛትዎን እንጂ መታመምዎን አያሳይም።

ሐኪሙ የሚሰጠው ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራው ቀን ነው የሚጀምረው። እዚህ ላይ ነው የሰው ቀን የሚጠፋው። ሐኪሙ ሰኞ አላየዎትም፤ ማክሰኞ ያየውን ነው የሚመሰክረው። «ዶክተር፣ ከሰኞ ጀምሮ ይጻፉልኝ» ብሎ መለመን ሐኪሙን ያላየውን እንዲመሰክር መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹም እሺ አይሉም። መጠየቅ የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ የጀመረው መቼ እንደሆነ እንደነገሩት እንዲጻፍ። «ታካሚው ከሁለት ቀን በፊት የጀመረ ትኩሳት እንዳለበት ተናግሮ፣ ተመርምሮ…» የሚል አንድ ሐረግ ሰኞን በቀጥታ አይሸፍነውም፤ ሆኖም ከመልእክትዎ ጋር ሲደመር ጉልበት አለው።

ስንት ቀን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እርስዎ ግን ምክንያቱን ቢያውቁት አይጎዳም። ኢንፍሉዌንዛ ከተራ ጉንፋን የሚለየው በድንገት መጣሉ ነው፤ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል፣ ሳልና ድካሙ ግን ከሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል። በተለምዶ የሚሰጠው ምክር፣ ትኩሳት ማብረጃ ሳይወስዱ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ካለፈ በኋላ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ስለዚህ «ሥራዬ ምንድን ነው? ከስንት ሰው ጋር እውላለሁ?» የሚለውን ለሐኪሙ ይንገሩት። ጠባብ መጋዘን ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር የሚውልና ብቻውን ጥበቃ ላይ የሚቆም ሰው አንድ አይደሉም።

ወረቀቱ ሲሰጥዎት በር ላይ ሳይደርሱ የሚያዩት ይህን ነው። ስምዎ በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንዳለው እስከ አያት ተጽፏል? የካርድ ቁጥር አለው? የተመረመሩበት ቀን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ጠቅላላ የቀኑ ብዛት ተጽፏል? የሐኪሙ ፊርማና ስሙን የያዘው ቲተር አለ? የተቋሙ ክብ ማኅተም ጥርት ብሎ አርፏል? የካርድ ቁጥሩ ብዙ ሰው የማይገምተው ጥቅም አለው። አሠሪው ከተጠራጠረ ክሊኒኩን የሚጠይቀው በእሱ ነው፤ እውነተኛ ታማሚን የሚያድነውም እሱ ነው። ከሰው የተገዛ ወረቀት የሚጋለጠውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ሥራውን ማጣት ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል።

የበሽታው ስም በእንግሊዝኛ አሕጽሮት፣ ለምሳሌ «ዩ አር ቲ አይ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የላይኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ማለት ነው፤ ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም ከዚያ ሥር ሊጻፍ ይችላልና አይደንግጡ።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን የቀን አቆጣጠር ያስታርቁ

የእኛ መዝጋቢ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፦ ከ25/11/2025 እስከ 28/11/2025፣ 4 ቀን። መሥሪያ ቤቱ ግን የሰዓት መቆጣጠሪያውን የሚይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር 1 ቀን የዋለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 10 ቀን ላይ ነው። ልዩነቱ 9 ቀን ስለሆነ 25 ሲቀነስ 9፣ ኅዳር 16 ይሆናል፤ 28ቱ ደግሞ ኅዳር 19። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ አራት ቀን። ገጠመ።

ይህን ዘጠኝ ግን በቃልዎ ይዘው ዓመቱን ሙሉ አይጠቀሙበት። በጥቅምት ልዩነቱ 10 ነው፣ በጥር 8፣ በየካቲት ወደ 7 ይወርዳል፣ መጋቢት ላይ ተመልሶ 9 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን ይጨምራል። ይህን ሁሉ ከማስታወስ ሁለቱንም ቀን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር ማየት ይሻላል። የማጣሪያ ዘዴው የሳምንቱ ቀን ነው፤ ማክሰኞ በየትኛውም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው። ቀይረው ሲጨርሱ የሳምንቱ ቀን ካልገጠመ ተሳስተዋል።

ቀጥሎ ሲቆጥሩ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን ይቆጠራል። ከ16 እስከ 19 ብሎ በመቀነስ 3 የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። ዕረፍቱ እሑድን ካቋረጠ ደግሞ እሑዱም በሐኪሙ ቆጠራ ውስጥ አለ፤ ሐኪሙ የሚቆጥረው ሥራ ቀን ሳይሆን ዝም ብሎ ቀን ነው። «5 ቀን ተሰጥቶኝ እሑድ መሃል ስለገባ 6 ቀን ልቅር» የሚል ክርክር አያስኬድም።

አራተኛ፦ ያልተሸፈነውን ቀን አይደብቁት

ሰኞ ኅዳር 15 በሐኪሙ ወረቀት ውስጥ የለችም። እዚህ ላይ ሠራተኞች ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። አንዳንዱ ዝም ብሎ «ከ15 እስከ 19 የ5 ቀን ፈቃድ» ብሎ ይጽፋል፤ ወረቀቱ 4 ይላል፣ ማመልከቻው ይመለሳል። ሌላው ሰኞን ጭራሽ ሳያነሳ ያልፋል፤ ያች ቀን የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ያለ ፈቃድ መቅረት ሆና ትቀመጣለች። አንድ ቀን ምን ታመጣለች አይበሉ። በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። እንደ ቀድሞው አዋጅ በተከታታይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ይጠራቀማል።

ትክክለኛው መንገድ ሰኞን ለብቻዋ፣ በግልጽ መጠየቅ ነው። በስልክና በመልእክት አሳውቄያለሁ፣ ሕመሙም የጀመረው ያኔ ነው፤ ስለዚህ በሕመም ፈቃድ ትያዝልኝ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ከዓመት ፈቃዴ ትቀነስ። አማራጭ ይዞ የመጣን ጥያቄ ኃላፊው በአንድ መስመር ይመራዋል። አማራጭ የሌለው ጥያቄ «ያነጋግሩኝ» ተብሎ ይመለሳል፤ ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ለመነጋገር አይመችም።

አምስተኛ፦ ደብዳቤው

አሁን መጻፍ ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ሁሉ አልቋል። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

> ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለ__________ ኃላ/የተ/የግ/ማኅበር
> የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ከኅዳር 16 እስከ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የ4 ቀን የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> እኔ አመልካች በድርጅቱ የመጋዘን ክፍል በንብረት መዝጋቢነት የምሠራ ቋሚ ሠራተኛ ስሆን የመታወቂያ ቁጥሬ ______ ነው። ከእሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ጀምሮ በጉንፋን (ኢንፍሉዌንዛ) ታምሜ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን በ______ ጤና ጣቢያ የታከምኩ ሲሆን፣ ሐኪሙ ከ16 እስከ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ከ25/11/2025 እስከ 28/11/2025) የ4 ቀን ዕረፍት ሰጥቶኛል።
>
> ስለዚህ ለተጠቀሱት 4 ቀናት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን በሥራ ገበታዬ ላይ የምገኝ መሆኑን እገልጻለሁ።
>
> ሕክምና ከማግኘቴ በፊት ሰኞ ኅዳር 15 ቀን በዚሁ ሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረቴን በዕለቱ ጠዋት ለቅርብ ኃላፊዬ በስልክና በጽሑፍ መልእክት አሳውቄያለሁ። ይህ 1 ቀንም በሕመም ፈቃድ እንዲያዝልኝ፣ የማይቻል ከሆነ ከዓመት ፈቃዴ እንዲቀነስ በትሕትና እጠይቃለሁ።
>
> የሐኪሙን ማስረጃ 1 ገጽ አባሪ አድርጌያለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም ______________
> ፊርማ ____________
> ስልክ ____________
>
> ግልባጭ፦ ለመጋዘን ክፍል ኃላፊ

ስለ አንዳንዱ ነገር ልጨምር። «ጉዳዩ» ላይ ቀኑንና ብዛቱን የጻፍኩት ኃላፊው ገጹን ሳይጨርስ ለመምራት እንዲችል ነው፤ «የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብቻ የሚል ርእስ ምንም አይነግረውም። «ቋሚ ሠራተኛ» የምትለዋ ቃልም ለጌጥ አልገባችም። በአዋጁ የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። ገና በሙከራ ላይ ከሆኑ ይህን ቃል አይጻፉ፤ ማስረጃውን አያይዘው ፈቃድ ይጠይቁ፣ ክፍያው ግን በድርጅቱ መልካም ፈቃድ ወይም በውስጥ ደንቡ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አውቀው ይጠይቁ።

የማይጻፈውም አለ። ስንቴ እንዳስታወከዎት፣ ምን መርፌ እንደወጉዎት፣ ቤትዎ ማን እንደሚያስታምምዎት ደብዳቤው ውስጥ አይገባም። አንዴ ሁለት ገጽ ሙሉ የሌሊት ላቡን የተረከ ማመልከቻ ደርሶኛል፤ አሳዘነኝ፣ ግን ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቀር አልጻፈበትም ነበር። «ሳልፈልግ ታምሜ»፣ «ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እየጠየቅሁ» የሚሉትንም ይተዉአቸው። መታመም ጥፋት አይደለም።

ስድስተኛ፦ ማስገባትና «ገቢ» ማስመታት

ትኩሳት ይዞዎት መዝገብ ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ለባልደረቦችዎም ደግ አይደለም። ማክሰኞ ከጤና ጣቢያ እንደተመለሱ የሐኪሙን ወረቀትና የፈረሙበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ለቅርብ ኃላፊዎና ለሰው ሀብት ክፍል ይላኩ። ዋናውን ወንድም፣ እኅት ወይም ጎረቤት ያድርስልዎት። ደብዳቤ ለማድረስ ውክልና አይጠየቅም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሂድ። አንዱ ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ «ገቢ» ብሎ ማኅተም መትቶ ቁጥርና ቀን ይጽፍበታል፤ ያ ለእርስዎ ይመለሳል። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስፍርበት። የሐኪሙን ማስረጃ ዋናውን ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ኮፒ ያስቀሩ። ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ወረቀት ጠፍቶ ያውቃል፤ ባለቤቱ ኮፒ ስለነበረው ዳነ፣ እኔም ዳንኩ።

በአራት ቀን ካልተሻለዎት

ዓርብ ማታ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ቅዳሜን በራስዎ አይጨምሩ። ወደዚያው ጤና ጣቢያ በዚያው የካርድ ቁጥር ይመለሱ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ስለሚያይ ቀጣዩን ዕረፍት ከተቋረጠበት አንሥቶ ለመጻፍ አይቸገርም። ሁለተኛው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው፦ «በቀን ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በገቢ ቁጥር ______ ባስገባሁት ማመልከቻ የተጠቀሰው ሕመም ስላልተሻለኝ ሐኪሙ ከኅዳር 20 እስከ 22 ቀን ተጨማሪ የ3 ቀን ዕረፍት የሰጠኝ መሆኑን ማስረጃውን በማያያዝ እገልጻለሁ።» ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ማለት ነው፤ ማክሰኞ ኅዳር 23 ይገባሉ።

ተሽሎዎት የነበረው ትኩሳት ተመልሶ ከመጣ፣ መተንፈስ ካስቸገረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን ነገሩ ከደብዳቤ ያለፈ ነው። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ተሻግሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ወረቀቱን ሌላ ሰው ይከታተለዋል።

ደመወዙ ሲወጣ

በአንቀጽ 86 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። ጠቅላላው ከ6 ወር አይበልጥም፤ የሚቆጠረውም ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባለው 12 ወር ውስጥ፣ ተከታታይም ሆነ የተቆራረጠ ቢሆን ተደምሮ ነው። ስለዚህ የመዝጋቢያችን 4 ቀን ሙሉ ይከፈላል፤ በዚያው ዓመት ውስጥ አስቀድሞ ለሌላ ሕመም 28 ቀን ወስዶ ቢሆን ኖሮ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ወደ ግማሽ ክፍያ ይገቡ ነበር። ከዓመት በላይ ባስቆጠሩበት ድርጅት ውስጥ የቀደመውን ፈቃድ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የወሩ መጨረሻ ላይ የደመወዝ ወረቀቱን ሲቀበሉ የሥራ ቀናት ብዛት የሚለውን መስመር ይዩ። ቀን ተቆርጦ ካገኙ መጀመሪያ በቃል ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ከሰው ሀብት ክፍል ወደ ሂሳብ ክፍል ሳይመራ ቀርቶ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ በሚቀጥለው ወር ተስተካክሎ ይገባል። ካልተስተካከለ «ገቢ» የተመታበትን ቅጂ አያይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ። ለረጅም ጊዜ አያቆዩት፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።